«ዋጋችሁ ከጠበቅነው በላይ ነው» ለሚል ኢሜይል ምን ብለን እንመልስ?

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እንደምን አላችሁ? ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹ ስለ ሽያጭ ደብዳቤ አጻጻፍ በጠቅላላው እንድናገር ነበር የጠየቁኝ። በጠቅላላው የተነገረ ነገር ግን ከአዳራሹ ደጃፍ አያልፍምና፣ በእነርሱ መልካም ፈቃድ አንዲት ጠባብ ጉዳይ ብቻ ይዤ ቀርቤያለሁ።

ጉዳዩ ይህ ነው። የዋጋ ማቅረቢያ ልካችኋል። ደንበኛው ተቀብሎ አይቶታል። ከዚያም «ያቀረባችሁትን ዋጋ ተመልክተን ከጠበቅነው በላይ ሆኖ አግኝተነዋል፤ አስተያየት እንድታደርጉልን እንጠይቃለን» የሚል ሁለት መስመር ኢሜይል ይደርሳችኋል። ምን ብላችሁ ትመልሳላችሁ?

ብዙዎቻችሁ የምትመልሱትን አውቃለሁ ብል አትቀየሙኝ። «ስለ መልእክትዎ እናመሰግናለን፤ ለእርስዎ ሲባል 10 በመቶ ቀንሰናል» ትላላችሁ። ዛሬ የምናገረው በዚህች አንዲት መልስ ላይ ነው። ሦስት ነገሮችን አነሣለሁ፤ በመጀመሪያ ያ ሁለት መስመር ኢሜይል በእርግጥ ምን እንደሚል፣ ቀጥሎ የመጀመሪያው መልስ እንዴት እንደሚጻፍ፣ በመጨረሻም የደንበኛው ምላሽ ከመጣ በኋላ ዋጋው ከምን ጋር ተያይዞ እንደሚንቀሳቀስ። ሁለተኛው ላይ ቆየት ብዬ እናገራለሁ፤ ትዕግሥታችሁን እጠይቃለሁ።

ወደ መጀመሪያው እንግባ።

እኔ ወደ ሽያጭ ሥራ ከመግባቴ በፊት በግዢ ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ፤ ከጠረጴዛው ማዶ ነበርኩ ማለት ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ልማድ ነበረን። ከአቅራቢዎች የዋጋ ማቅረቢያ እንደመጣልን፣ ገና ጎን ለጎን አስቀምጠን ሳናወዳድር፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ደብዳቤ እንልክ ነበር፤ «ዋጋችሁ ከጠበቅነው በላይ ነው» የሚል። ልብ በሉልኝ፣ ለሁሉም ነው የምንልከው። ዝቅተኛውን ዋጋ ላቀረበውም ጭምር! ምክንያቱም ደብዳቤው ምንም ወጪ የለውም፤ አንዳንዱ አቅራቢ ደግሞ ወዲያው ይቀንሳል።

ታዲያ ወዲያው የቀነሰውን አቅራቢ አመሰገንነው? በደብዳቤ አዎን፤ በልባችን ግን «እንግዲያስ የመጀመሪያው ዋጋ ምን ነበር?» እንል ነበር። ቀጥሎም ያንኑ ደብዳቤ ጥቂት ቃላት ለውጠን መልሰን እንልክለታለን። በሚቀጥለው ዓመት ውሉ ሲታደስ ደግሞ ድርድሩ የሚጀምረው ከተቀነሰው ዋጋ ነው፤ የመጀመሪያውን ዋጋ የሚያስታውሰው አንድም ሰው የለም።

ሌላ ዓይነት አቅራቢም ነበር። ይህኛው አይቀንስም፣ አይከራከርምም፤ ይጠይቃል። «ከበደባችሁ ጠቅላላው ድምር ነው ወይስ ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱ ክፍል?» ብሎ ይጽፋል። ይህን ጥያቄ ለመመለስ ዝርዝሩን መክፈት ግድ ይሆንብናል። ስንከፍተው ደግሞ ርካሽ የመሰለን ሌላው ማቅረቢያ ማጓጓዣንም ተከላንም ያልጨመረ ሆኖ የምናገኝበት ጊዜ ነበር። ያ አቅራቢ አንድ ሳንቲም ሳይቀንስ በእኛው እጅ አወዳደረን።

እንግዲህ ያ ሁለት መስመር ኢሜይል ምን እያለ ነው? ከልምድ እንዳየሁት፣ ከኋላው ካሉት ነገሮች አንዱን ነው የሚለው። አንዳንዴ የተመደበው በጀት በእርግጥ አይበቃም። አንዳንዴ ሌላ አቅራቢ ያነሰ ዋጋ አቅርቧል። አንዳንዴ ደብዳቤውን የጻፈው ሰው ራሱ ዋጋው አልከበደውም፤ ለአለቃው ወይም ለፋይናንስ ክፍሉ የሚያስረዳበት ቃል ግን አጥቷል። አንዳንዴም እንደ እኛ ክፍል መሞከር ነው፤ ከጀርባው ምንም የለም። በእነዚህ በአራቱ ላይ አንድ ዓይነት መድኃኒት ይሠራል ትላላችሁ? በጀቱ 20 በመቶ ለጎደለው ሰው 10 በመቶ ቅናሽ ምን ይጠቅመዋል? አለቃውን ማስረዳት ላቃተው ሰውስ ቅናሹ ማስረጃ ይሆነዋል? ለሚሞክራችሁ ሰው ደግሞ ደጋግሞ እንዲሞክር ማስተማር ነው።

የትኛው እንደሆነ ከኢሜይሉ ብቻ በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም፤ ምልክቶች ግን አሉ። የተወሰነ ቁጥር ከጠቀሰ፣ ለምሳሌ «ለዚህ ሥራ የያዝነው ይህን ያህል ነው» ካለ፣ ብዙውን ጊዜ ጉዳዩ የበጀት ነው። «ሌሎች አቅራቢዎች» የሚል ሐረግ ካለ ማወዳደሪያ በእጁ አለ ወይም እንዳለ ሊያሳምናችሁ ይፈልጋል። ከዚያ በፊት ስለ ሥራው መጀመሪያ ቀን ወይም ስለ ውሉ አንቀጾች ጠይቆ ከነበረ፣ ለመስማማት ተቃርቧል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ዋጋን የሚያነሣው ሊሸሽ ሳይሆን ሊጨርስ ብሎ ነው። ከዚህ ቀደም በመልእክት ልውውጡ ውስጥ ያልነበረ ሰው በድንገት በግልባጭ ከገባ ደግሞ፣ የምትጽፉት መልስ ዋና አንባቢ እርሱ መሆኑን ቁጠሩት። ይህችን የመጨረሻዋን አደራ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አሁን አንድ ጉዳይ ይዘን በቁጥር እንየው። አንድ ድርጅት ሁለት ጄኔሬተሮች አሉት፤ እናንተ የጥገና አገልግሎት ትሰጣላችሁ። የዓመቱን ውል ዋጋ 100 እንበለው፤ ገንዘቡ የየትም አገር ይሁን፣ 100 እጅ ብላችሁ ያዙት። ይህ 100 ከሦስት ነገር የተሠራ ነው። በየወሩ የሚደረገው ጉብኝትና ፍተሻ 48 ነው። ዘይትና ፊልተር 24 ነው። ለድንገተኛ ብልሽት ጥሪ መድረስ 28 ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 16ቱ የሌሊትና የበዓል ተረኛ ባለሙያ ለማቆም ነው፤ ለአንድ ጄኔሬተር 8 ማለት ነው። የእናንተ ወጪ 75 ነው እንበል፤ የሚተርፋችሁ 25 ነው።

10 በመቶ ቀነሳችሁ። ዋጋው 90 ሆነ። ወጪው ስንት ሆነ? ያው 75 ነው! ዘይቱ አልቀነሰም፣ የባለሙያው ደመወዝ አልቀነሰም፣ የመኪናው ነዳጅ አልቀነሰም። የሚተርፋችሁ 15 ብቻ ነው። ደንበኛው 10 በመቶ አገኘ፤ እናንተ ግን ከትርፋችሁ 40 በመቶውን አጣችሁ። ቀድሞ ከ3 ውሎች ታገኙት የነበረውን ትርፍ ለማግኘት አሁን 5 ውሎች ያስፈልጓችኋል። እነዚያን 5 ውሎች የሚሠራው ባለሙያ ደግሞ ያው ያላችሁ ሰው ነው። ቅናሽ ፈጽሞ አይሰጥ አላልኩም፤ ግን አንድ ጥያቄ እንኳ ሳይጠየቅ በአንድ መስመር ኢሜይል የሚሰጥ ነገር ነው ወይ?

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ የመጀመሪያው መልስ እንዴት ይጻፍ?

የመጀመሪያው መልስ ሥራው አንድ ነው፤ ማወቅ። ማሳመን አይደለም፣ መከላከልም አይደለም፣ መቀነስም አይደለም። ከጀርባው ያለው ምን እንደሆነ ማወቅ ብቻ ነው። ይህን ከያዝን የሚጻፈውና የማይጻፈው ራሱ ይለያል።

የማይጻፈውን ላስቀድም። «ይቅርታ» አይጻፍም። ዋጋ በማቅረባችሁ ምን አጠፋችሁ? «ዋጋችን ለድርድር ክፍት ነው» አይጻፍም፤ ይህ ገና ስንት እንደሆነ ያልተነገረ ቅናሽ ነው። «ምን ያህል ቢሆን ይስማማዎታል?» አይጻፍም፤ ብዕሩን አሳልፎ መስጠት ነው፣ የሚጻፈው ቁጥርም ከሚያስፈልገው በታች መሆኑ አይቀርም። «ይህ የመጨረሻ ዋጋችን ነው» የሚለውም አይጻፍም። ይህኛው ጽኑ ይመስላል፣ አይደለም? ችግሩ ነገ በተመጣጣኝ ምክንያት ብትንቀሳቀሱ ቃላችሁን ያጠፋችሁ ያስመስላል፤ በኢሜይል የተጻፈ ደግሞ ከፋይሉ አይጠፋም። የድርጅታችሁን ታሪክና የምስክር ወረቀት የያዘ ረጅም ሰነድ ማያያዝም አያስፈልግም። ደንበኛው ዋጋ ከበደኝ እንጂ ማን እንደሆናችሁ አላወቅሁም አላለም።

የሚጻፈውስ? ለያዝነው ጉዳይ እኔ እንዲህ ብዬ እጽፋለሁ፤ እንዳለ ላንብብላችሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። የዋጋ ማቅረቢያችንን ተመልክተው ሐሳብዎን በግልጽ ስለጻፉልን እናመሰግናለን። ያቀረብነው 100 ለሁለቱም ጄኔሬተሮች ወርኃዊ ጉብኝትን፣ የዓመቱን ዘይትና ፊልተር፣ እንዲሁም ሌሊትንና በዓላትን ጨምሮ ለድንገተኛ ጥሪ በ4 ሰዓት ውስጥ መድረስን ያካትታል። ተገቢውን መልስ እንድንሰጥዎ አንድ ነገር ቢያሳውቁን፤ ዋጋው የበዛው ለዚህ ሥራ ከተያዘው በጀት አንጻር ነው፣ ከሌላ ማቅረቢያ ጋር ሲወዳደር ነው፣ ወይስ በዝርዝሩ ውስጥ ለእናንተ አስፈላጊ ያልሆነ ክፍል አለ? መልስዎ እንደደረሰን በማግሥቱ የሚስማማዎትን አማራጭ በጽሑፍ እናቀርባለን።»

ይኸው ነው። በስልክ ስክሪን ላይ በአንድ ጊዜ ይታያል። አሁን ክፍል በክፍል እንየው።

ምስጋናው አጭር ነው፤ ልመና የለበትም። ቀጥሎ ዋጋው ሳይቀነስና ሳይጨመር ተደግሟል፤ አጠገቡም በእርሱ የሚገኘው ነገር ተቀምጧል። ለምን ይደገማል? ቅድም አደራ ያልኳችሁን አስታውሱ፤ ይህን ኢሜይል የሚያነበው የተቀበለው ሰው ብቻ አይደለም። ለፋይናንስ ኃላፊው ይላካል። ያ ኃላፊ ከእናንተ ጋር ስብሰባ አልተቀመጠም፣ ማቅረቢያውንም ምናልባት አልከፈተውም፤ የሚያውቀው 100 የሚለውን ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ በሄደበት ሁሉ ዝርዝሩ አብሮት እንዲሄድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ታስሯል። በቃል የሚደረግ ድርድር ከኢሜይል የሚለይበት ዋና ነገር ይህ ይመስለኛል፤ በስልክ ፈገግታችሁ ይሰማል፣ ድምፃችሁ ያስረዳላችኋል፤ ኢሜይል ግን እናንተ በሌላችሁበት ክፍል ውስጥ ብቻውን ይናገራል።

ከዚያ ጥያቄው። ጥያቄው አንድ ነው። ሁለት ቢሆን ቀላሉ ይመለሳል፣ ሦስት ቢሆን አንዱም አይመለስም። ደግሞም «ከምን ጋር አወዳድራችሁት ነው?» ተብሎ ባዶውን አልተጠየቀም። ፊት ለፊት ብንሆን ይህ ጥያቄ በመልካም ድምፅ ሊባል ይችላል፤ በጽሑፍ ሲነበብ ግን ጠብ ይመስላል፣ ደንበኛውም መርማሪ ፊት የቆመ ያህል ይሰማዋል። በአማራጭ ሲቀርብ ግን ማንኛውንም ቢመርጥ አያሳፍረውም። በጀት አነሰን ማለትም፣ ሌላ ማቅረቢያ አለን ማለትም፣ ይህ ክፍል አያስፈልገንም ማለትም ክብሩን አይነካም። «ሁለተኛው ነው» ብሎ በአንድ ቃል ሊመልስ ይችላል፤ ሥራ የበዛበት ሰው የሚመልሰው ደግሞ እንዲህ ያለውን ነው።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ቃል ኪዳን ነው፤ የገባነው ግን ለቅናሽ ሳይሆን ለአማራጭ ነው። «አማራጭ» የሚለውን ቃል ሆን ብዬ ነው ያስገባሁት። በሩ አልተዘጋም፤ ግን በየት በኩል እንደሚገባ ገና አልተነገረም።

ስለ ሰዓቱ አንድ ቃል ልጨምር። በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሄደ መልስ ጭንቀት ያሳያል ይባላል፤ እኔ በዚህ ብዙ አልጨነቅም። በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሄደ ጥያቄ ማንንም አይጎዳም፤ የሚጎዳው በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሄደ ቅናሽ ነው። በዚያው የሥራ ቀን መመለስ ይበቃል።

እዚህ ላይ ከጉዳዩ ሳልወጣ አንድ ገጠመኝ ላውጋችሁ። በግዢ ክፍል ሳለሁ ከአንድ አቅራቢ ሽያጭ ሠራተኛ መልስ ደረሰኝ። መልሱ ጥሩ ነበር፤ ጨዋ፣ ረጋ ያለ፣ ዋጋውን የጠበቀ። ኢሜይሉን ወደ ታች ሳወርደው ግን ሠራተኛው የእኔን ደብዳቤ ለአለቃው መርቶለት፣ አለቃውም «እስከ 15 ድረስ መውረድ እንችላለን፤ መጀመሪያ ግን በዋጋችን ጽና» ብሎ መልሶለት ኖሯል። ሠራተኛው በዚያው ሰንሰለት ላይ ነበር የጻፈልኝ። እኔ ምን ያህል ጠየቅሁ ብላችሁ ታስባላችሁ? 15 ነዋ! ስለዚህ የውስጥ ምክክራችሁ ከደንበኛው ኢሜይል ሰንሰለት ውጭ፣ በአዲስ ርእስ በአዲስ መልእክት ይሁን። ለደንበኛው የምትመልሱትም ከራሱ ደብዳቤ ላይ «መልስ» ብላችሁ እንጂ ከውስጥ ከመጣላችሁ ላይ አይሁን። ከመላካችሁም በፊት እስከ ታች ድረስ አውርዳችሁ እዩት።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ደርሰናል። ደንበኛው መለሰ። ምን አለ? «ሌላ ድርጅት በ82 አቅርቦልናል፤ እኛ ደግሞ ለዚህ ሥራ የያዝነው 90 ነው» አለ እንበል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ 82ን አይቶ ይደነግጣል። በመልሱ ውስጥ ግን ሁለት ቁጥር ነው ያለው፤ የሁለቱም ባሕርይ የተለያየ ነው። 82 የሚመረመር ቁጥር ነው። 90 የሚከበር ቁጥር ነው።

82ን እንመርምር። የተወዳዳሪያችሁን ስም አትጠይቁ፣ ክፉም አትናገሩ። የምትጽፉት እንዲህ ነው፤ «የቀረበልዎት 82 ዘይትና ፊልተርን፣ እንዲሁም የሌሊት ጥሪን ይጨምር እንደሆነ ቢያረጋግጡ ለውሳኔዎ ይጠቅማል፤ በእኛ ማቅረቢያ የመጀመሪያው 24፣ ሁለተኛው 16 ነው።» ደንበኛው ያረጋግጣል። ዘይትና ፊልተር በ82 ውስጥ የለም ብሎ ከመጣ፣ በእኛ ስሌት እንኳ ብንጨምረው 82 እና 24፣ 106 ይሆናል። ይህን ድምር እናንተ አትደምሩለት፤ ቁጥሮቹን አስቀምጡለት፣ እርሱ ይደምረው። ራሱ የደመረውን ለአለቃው በድፍረት ይናገራል፤ እናንተ የደመራችሁለትን ግን የሻጭ ወሬ አድርጎ ነው የሚያየው።

ሁሉም ነገር ተጨምሮ 82 ሆኖ ቢገኝስ? ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ተወዳዳሪያችሁ ከእናንተ በርካሽ ይሠራል ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ በኢሜይል አጻጻፍ የሚፈታ ጉዳይ አይደለም። ወይ ወጪያችሁን ትመረምራላችሁ ወይ ይህን ሥራ ታልፋላችሁ።

አሁን 90ን እንመልከት። በጀቱ እውነተኛ ከሆነ በክርክር አያድግም። እዚህ ላይ ነው ዋናው ሕግ የሚመጣው፤ ዋጋው ሲወርድ ከዋጋው ጋር አንድ ነገር አብሮ ይውረድ፣ ወይም ከደንበኛው ወገን አንድ ነገር ይምጣ። አንድ ነገር ይውረድ፣ ወይም አንድ ነገር ይምጣ። ሁለቱም ሳይሆኑ የወረደ ዋጋ የመጀመሪያውን ዋጋ ሐሰት ያደርገዋል።

በቁጥር እንየው። የሌሊትና የበዓል ተረኛው ይቅር ብትሉ ዋጋው 84 ይሆናል። ለተረኛው ታወጡት የነበረው 12 ቢሆን ወጪያችሁ ወደ 63 ይወርዳል፤ የሚተርፋችሁ 21 ነው። ሥራውን እንዳለ ትታችሁ ዋጋውን ብቻ ወደ 84 ብታወርዱት ኖሮ የሚተርፋችሁ 9 ነበር። ለደንበኛው ሁለቱም ያው 84 ናቸው፤ ለእናንተ ግን አንዱ 21፣ ሌላው 9 ነው።

ደንበኛው ግን «ሌሊት ያለ ባለሙያ አንሆንም» ይል ይሆናል። መልካም! ከዚህ የበለጠ ምን ትፈልጋላችሁ? ከበደኝ ያለው ዋጋ ውስጥ ለእርሱ የማይተው ነገር እንዳለ በራሱ አንደበት ነገራችሁ። ቀጥላችሁ ሁለቱም ጄኔሬተሮች ሌሊት ይሠሩ እንደሆነ ጠይቁት። አንዱ ተጠባባቂ ከሆነ፣ የሌሊት ጥሪው ለዋናው ብቻ ይሁን፤ 84 ላይ 8 ጨምራችሁ 92። ከ90 በ2 ብቻ በለጠ። ለዚህች 2 ከእርሱ ወገን አንድ ነገር ይምጣ፤ ለምሳሌ ክፍያው ሥራው ካለቀ በኋላ በመሆን ፈንታ በየሩብ ዓመቱ በቅድሚያ ይፈጸም። እናንተም ዘይትና ፊልተሩን በራሳችሁ ገንዘብ ገዝታችሁ ከመጠበቅ ትድናላችሁና 2 መቀነሳችሁ ምክንያት አለው።

ኢሜይሉ እንዲህ ይጻፋል፤ «የሌሊት ጥሪው ለዋናው ጄኔሬተር ብቻ ሆኖ፣ ሌላው አገልግሎት እንዳለ ቢቀጥል፣ ዋጋው 92 ነው። ክፍያው በየሩብ ዓመቱ በቅድሚያ የሚፈጸም ከሆነ 90 ይሆናል። ይህ አማራጭ እስከ ወሩ መጨረሻ የጸና ነው።» ቅድመ ሁኔታው ከቁጥሩ በፊት መጥቷል፤ ልብ ብላችኋል? «90 አድርገንልዎታል፤ ቅድሚያ ቢከፍሉ ደስ ይለናል» ብትሉ ደንበኛው 90ን ይወስዳል፣ ቅድሚያውን ይረሳል። ቀኑም ያለ ምክንያት አልተጻፈም፤ ቀን የሌለው ልዩ ዋጋ ከዓመት በኋላ «እናንተው ጽፋችሁልናል» ተብሎ ይመለሳል።

ሒሳቡን ልጨርስላችሁ። የአንዱ ጄኔሬተር የሌሊት ተረኛ ስለቀረ ወጪያችሁ ከ75 ወደ 69 ወርዷል፤ ከ90 ላይ የሚተርፋችሁ 21 ነው። በመጀመሪያው ቀን «ለእርስዎ ሲባል» ብላችሁ 90 ብታደርጉት ኖሮ 15 ነበር የሚተርፋችሁ፤ ደንበኛውም የሚቀጥለውን ደብዳቤ እያዘጋጀ ነበር። ሁለቱም መንገድ 90 ላይ ነው የደረሰው። በአንዱ ግን ደንበኛው በጀቱ ውስጥ የገባው ለምን እንደሆነ ያውቃል፤ ለአለቃውም ማስረዳት ይችላል።

ይህ አካሄድ የማይሠራባቸው ቦታዎች አሉ፤ በአጭሩ ልጥቀሳቸው። በመደበኛ ጨረታ ላይ ዋጋ ከተከፈተ በኋላ መደራደር በደንቡ የሚከለከል ከሆነ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ መጻፍ ራሱ ከጨረታው ሊያስወጣችሁ ይችላል፤ መጀመሪያ ሰነዱን አንብቡ። የምትሸጡት ዕቃ ከሌላው ሻጭ ዕቃ ጋር በምንም የማይለይ፣ በአንድ መለያ ቁጥር የሚታወቅ ከሆነ፣ ከዝርዝሩ የሚወርድ ነገር ጥቂት ነው፤ ያን ጊዜ የቀረው መጫወቻ ብዛት፣ የመላኪያ ጊዜና የክፍያ ሁኔታ ነው። የራሳችሁ ስሌት ተሳስቶ ከሆነ ደግሞ አትዙሩ፤ «በዚህ ክፍል ስሌቱን አስተካክለናል» ብላችሁ ትክክለኛውን ላኩ። እርማት ሌላ ነው፣ ቅናሽ ሌላ ነው።

ወደ አዳራሹ ስንገባ አንዲት እህታችን በር ላይ ይዛኝ «ጥያቄውን ጽፌ ደንበኛው ዝም ቢልስ?» ብላኝ ነበር። ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ ዝም የሚለው ደንበኛ ብዙ ነው። ብዙ ሻጭ የሚሸነፈውም እዚህ ላይ ነው፤ ሦስት ቀን ዝምታ ሲያይ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «በድጋሚ አስበንበት 10 በመቶ ቀንሰናል» ብሎ ይጽፋል። ከራሱ ጋር ተደራድሮ ራሱ ተሸነፈ!

እኔ የምለው፣ ከሁለት ወይም ከሦስት የሥራ ቀን በኋላ በዚያው ሰንሰለት ላይ አንድ አጭር መልእክት ይላክ፤ ዋጋ የሚባል ቃል አይኑርበት። «ሥራው በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ እንዲጀመር አስባችሁ ነበር፤ ቀኑ እንዳለ ከሆነ ባለሙያ መመደብ ስላለብን እስከ ሐሙስ ቢያሳውቁን» የሚል ዓይነት። ይህ መልእክት ደንበኛውን ስለ ገንዘብ ሳይሆን ስለ ራሱ ሥራ ቀን እንዲያስብ ያደርገዋል። የጻፋችሁት ቀን ግን እውነተኛ ይሁን፤ ሐሙስ አልፎ ዓርብ ምንም ያልተለወጠ እንደሆነ ደንበኛው ያያል። ከዚያም በኋላ ዝም ካለ አንድ ጊዜ በስልክ ደውሉ፤ ለኢሜይል የማይመልስ ሰው በስልክ የልቡን የሚናገርበት ጊዜ አለ። እዚያም ካልተገኘ፣ ፋይሉን ከነዋጋው አስቀምጡት። ከወራት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ የሚያገኘው 100 ያው 100 ይሁን፤ የዘይት ዋጋ ካልጨመረ በቀር።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። የራሳችሁን ኢሜይል ይዛችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ አይቻለሁ፤ የደንበኛውን ስም ሸፍናችሁ አምጡልኝና አብረን እንያቸው።